«አንድ ፎቶ በስንት ትሠራለህ?»፦ የፎቶ ኤዲቲንግ ዋጋ ከየት ይመጣል

ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ፎቶውን ገና አላየሁትም። ስንት እንደሆነ አላውቅም። የት እንደሚለጠፍም አልነገረኝም። ያም ሆኖ በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ አንድ ቁጥር ይጠበቃል።

ሥራውን ስጀምር ቁጥሩን ወዲያው እጠራ ነበር። ደንበኛው ይስማማል፣ ፎቶዎቹ ይመጣሉ፣ እኔም ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አድራለሁ። ሂሳቡ ያልገጠመው ዋጋው ትንሽ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ዋጋ የሰጠሁት ላላየሁት ሥራ ስለነበረ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው ፋይል እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳ። ኤዲት ለምታደርጉም፣ ለምታሠሩም ይጠቅማል።

«አንድ ፎቶ» የሚባል ሥራ የለም። የካርቶን ሳጥን ፎቶ ከባክግራውንዱ ቆርጦ ማውጣት ቀላል ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ በፔን ቱል አራት አምስት ነጥብ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን ትጨርሳላችሁ። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ቀን የተነሳ የሰንሰለት ማንጠልጠያ ያለው የሴት ቦርሳ ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ የሰንሰለት ቀለበት መሃሉ ክፍት ነው። በክፍተቱ ውስጥ የድሮው ባክግራውንድ ይታያል። እያንዳንዱን ቀዳዳ ለብቻ መቁረጥ ያስፈልጋል። ደንበኛው ሁለቱንም «አንድ ፎቶ» ብሎ ይቆጥራቸዋል፤ አይፈረድበትም፣ ለእሱ ሁለቱም አንድ አንድ ፋይል ናቸው።

ስለዚህ ዋጋ ከመናገሬ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ፎቶዎቹ የት ነው የሚወጡት? ለድረ ገጽ፣ ለማኅበራዊ ሚዲያ፣ ለኅትመት ወይስ ለኦንላይን ገበያ? አንዳንዱ ገበያ የራሱ ጥብቅ ሕግ አለው። ለምሳሌ አማዞን ለዋናው የዕቃ ፎቶ ባክግራውንዱ ፍጹም ነጭ እንዲሆንና ዕቃው ከፎቶው 85 በመቶውን እንዲሞላ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ሁሉንም ፎቶዎች እንዳሉ አሳዩኝ እላለሁ። ናሙና ብቻ ላኩ ካልኳቸው የሚልኩት ሁልጊዜ በጣም ያማረውን ነው። አስቸጋሪው ፎቶ የሚመጣው ከተስማማን በኋላ ይሆናል።

አንድ ሥራ በቁጥር ላሳያችሁ። 12 ቦርሳ፣ እያንዳንዱ ከአራት አቅጣጫ የተነሳ፤ በድምሩ 48 ፎቶ። ሁሉንም በትንንሹ ከፍቼ በዓይኔ አለፍኳቸውና በሦስት ከፈልኳቸው። 30ዎቹ ቀላል ናቸው፤ ጠርዛቸው ጥርት ያለ፣ ብረት የሌላቸው። 12ቱ መካከለኛ ናቸው፤ ቆዳው ላይ ጭረትና አቧራ አለ፣ ማሰሪያውም ተጣሟል። ስድስቱ ሰንሰለት ያላቸውና የሚያብረቀርቅ ብረት ያለባቸው ናቸው። ብረቱ ላይ የፎቶ አንሺው ጥላ ሳይቀር ይታያል።

ከየክፍሉ አንድ አንድ ፎቶ መርጬ ሰዓት ይዤ እስከ መጨረሻው ሠራኋቸው። ቀላሉ 9 ደቂቃ ወሰደ። መካከለኛው 16። ከባዱ 35።

እነዚያ 9 ደቂቃዎች ምን ላይ እንደሚያልቁ በቅርበት እንይ። መጀመሪያ ሮው ፋይሉን፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር ያስቀመጠውን ጥሬ ፋይል፣ ከፍቼ ብርሃኑንና የነጩን ሚዛን አስተካክላለሁ። ፎቶ አንሺው መጀመሪያ ላይ ግራጫ ካርድ ይዞ አንድ ፎቶ አንስቶ ከሆነ ይህ የሰከንዶች ሥራ ነው፤ ካርዱ ላይ አንዴ ጠቅ አድርጌ ያንኑ ማስተካከያ ለሁሉም አስተላልፋለሁ። ካርድ ከሌለ ግን ቀለሙን በግምት ነው የምይዘው። ቡናማ ቦርሳ በግምት ቀይ ይሆናል፣ ቦርሳው ሲደርሰው ገዢው «ያየሁት ይህን አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። በዕቃ ፎቶ ላይ ከውበት ይልቅ የቀለም ትክክለኛነት የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ቦርሳውን በፔን ቱል እቆርጣለሁ። መስመሩን ጠርዙ ላይ ሳይሆን በአንድ ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ ነው የማስኬደው። ጠርዙ ላይ የድሮው ባክግራውንድ ቀለም ስለሚቀላቀል ልክ በጠርዙ የቆረጠ ሰው ዙሪያውን ቀጭን ግራጫ ክር ያገኛል። ከዚያ ማስኩን፣ ማለትም የቆረጥኩትን ባክግራውንድ የሚደብቀውን ሽፋን፣ በግማሽ ፒክስል ለስለስ አደርገዋለሁ፤ ያለበለዚያ ቦርሳው በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ቆዳው ላይ ያለውን አቧራ በባዶ ሌየር ላይ አጸዳለሁ እንጂ ዋናውን ፎቶ አልነካም። ደንበኛው «ያ ጭረት የዲዛይኑ አካል ነው» ካለ ያንን ሌየር ብቻ አጥፍቼ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ከቦርሳው ሥር ለስለስ ያለ ጥላ እመልስለታለሁ። ጥላ የሌለው ዕቃ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

አሁን ፎቶው ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ነጭ የሚመስል ነጭና እውነተኛው ነጭ ይለያያሉ። በኮምፒውተር ቋንቋ ፍጹም ነጭ ማለት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስቱም የመጨረሻው ቁጥር፣ 255 የሆኑበት ነው። 250 የሆነ ባክግራውንድ ለብቻው ሲታይ ከነጭ አይለይም። ነጭ ድረ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ግን ቦርሳው ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ዓይን ይህን አይይዘውም፤ መፈተኛ ያስፈልጋል። እኔ ከሌየሮቹ ሁሉ በላይ ጥቁርና ነጩን የሚያስተካክል አንድ የ Levels ሌየር እጨምርና በግራ በኩል ያለውን ጥቁሩን ማንሸራተቻ እስከ 250 እገፋለሁ። ፎቶው ያስጠላል፣ ግን እውነቱ ይወጣል። ፍጹም ነጭ የሆነው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ነጭ መስሎ የነበረው ሁሉ ግራጫና ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል። ማዕዘን ላይ የተረሳ ቁራጭ፣ በብሩሽ ያልተነካ ጥግ፣ ሁሉም ይታያል። አጸዳዋለሁ፣ ከዚያ መፈተኛውን ሌየር አጠፋዋለሁ። አሥር ሰከንድ የማይሞላ ነገር ነው። ብዙ ፎቶ ከገበያ ድረ ገጽ ተመላሽ የሚሆነው ግን በዚህች ምክንያት ነው።

ወደ ሂሳቡ እንመለስ። 30 ፎቶ በ9 ደቂቃ 270 ደቂቃ ነው። 12 በ16፣ 192። 6 በ35፣ 210። ድምሩ 672 ደቂቃ፣ ማለትም 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። ግን ፎቶ ማውረድ፣ መለየት፣ ስም መስጠት፣ በየመጠኑ ማውጣት፣ መጫን፣ ከደንበኛው ጋር መጻጻፍ አለ። ለዚህ ሥራ 90 ደቂቃ ያዝኩ። ማስተካከያም ይመጣል፤ ከኤዲቲንግ ሰዓቱ 15 በመቶ፣ ወደ 100 ደቂቃ ለእሱ አስቀመጥኩ። ሁሉም ሲደመር 862 ደቂቃ ሆነ። ለ48 ሲካፈል ለአንድ ፎቶ 18 ደቂቃ ገደማ ይመጣል።

እስቲ ልዩነቱን ተመልከቱት። ደንበኛው ያንን የተዋበ ቀላል ፎቶ ብቻ ልኮልኝ በ9 ደቂቃ ሂሳብ ዋጋ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ የሥራውን ግማሽ በነፃ ልሠራ ነበር።

ለደንበኛው ደቂቃ አልነግረውም። ደቂቃው የእኔ ሂሳብ ነው። ለእሱ በፎቶ እነግረዋለሁ፤ ወይ ለሁሉም አንድ አማካይ ዋጋ፣ ወይ ለሦስቱ ክፍሎች ሦስት ዋጋ። እኔ የምመርጠው ሦስቱን ነው። ደንበኛው «ሰንሰለት ያላቸው ለምን ተወደዱ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አሳየዋለሁ። ቀዳዳዎቹን ሲያይ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። አንዳንዱ እንዲያውም «እነዚህን ከሁለት አቅጣጫ ብቻ እናድርጋቸው» ብሎ ራሱ ወጪውን ይቀንሳል።

የአንድ ሰዓት ዋጋስ? ብዙ ሰው የወር ፍላጎቱን ለ160 የሥራ ሰዓት ያካፍላል። ስህተቱ እዚያ ነው። ሥራ መፈለግ፣ ዋጋ ማቅረብ፣ ሂሳብ መያዝ፣ ኮምፒውተር መጠገን ማንም አይከፍልባቸውም። እኔ መዝግቤ ስይዝ በወር ለደንበኛ ፎቶ ላይ የምቀመጥበት ሰዓት ከ100 አይበልጥም። ስለዚህ የኑሮዬን ወጪ፣ የሶፍትዌር ክፍያውን፣ ግብሩንና ለሚቀጥለው ኮምፒውተር የማስቀምጠውን ደምሬ የማካፍለው ለ100 ነው። የእናንተ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ወር መዝግቡትና እዩት።

የሰው ፊት ላይ ሲመጣ ጉዳዩ ይቀየራል። ፖርትሬት ላይ ደቂቃውን የሚበላው መቁረጥ ሳይሆን መወሰን ነው፤ ምን ይጥፋ፣ ምን ይቆይ? እኔ የምሄድበት መመሪያ ቀላል ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ የሚጠፋ ነገር ሁሉ ይወገዳል። ብጉር፣ የደረቀ ከንፈር፣ ፊት ላይ የወደቀች ፀጉር። ሁልጊዜ ከሰውየው ጋር ያለው ግን ይቆያል። ማርያም የሳመችው ምልክት፣ ጠባሳ፣ የሳቅ መስመር። ባለቤቱ ካልጠየቀ በቀር አይነካም።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። አንዲት ደንበኛ የእናቷን ፎቶ አምጥታ «አሳምርልኝ» አለችኝ። አሳመርኩ። ጉንጫቸው ላይ የነበረችውን ጥቁር ነጥብም አጠፋኋት። ልጅቷ ፎቶውን አየችና ዝም አለች። ቆይታ «እማዬን አትመስልም» አለች። ነጥቧን መልሼ ሳስቀምጣት ነው ፊቷ የፈታው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ፊት ላይ ያሉትን ቋሚ ምልክቶች ቆጥሬ «እነዚህ ይቆዩ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ቆዳ ላይ በብዛት የሚበላሸው በማለስለስ ነው። ብዙዎች ቆዳውን በሁለት ሌየር ይከፍሉታል። አንዱ ላይ ጥቃቅኑ ነገር ይቀመጣል፤ የቆዳው ቀዳዳና ለጋ ፀጉር። ሌላው ላይ ቀለሙና ጥላው። ከዚያ ቀለሙንና ጥላውን የያዘውን ያደበዝዙታል። ዘዴው ፈጣን ነው፣ በልክ ሲሆንም ይሠራል። ከልክ ሲያልፍ ግን የአፍንጫው ጥላና የጉንጩ ብርሃን አብረው ይሟሟሉ። ቀዳዳው አለ፣ ፊቱ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ሰው ሳይሆን የላስቲክ አሻንጉሊት ይመስላል። እኔ ለቅርብ ፖርትሬት ቀስ ያለውን መንገድ እመርጣለሁ። በትንሽ ብሩሽና በጣም በደከመ መጠን ጥቁር ጥቁር ያሉትን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ አበራለሁ፣ የሚያበሩትን አጠቁራለሁ። ቆዳው የራሱን ጥቃቅን ነገር እንደያዘ ይስተካከላል። በዚህ መንገድ አንድ ፊት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይወስድብኛል፤ ለዚህም ነው የአንድ ፖርትሬት ዋጋ ከቀላል ቦርሳ ጋር የማይወዳደረው።

ልኩን ማለፌን የማውቀው ፎቶውን አሳንሼ ነው። ሙሉ በሙሉ ተጠግቶ ሲሠራ ዓይን ትልቁን ነገር ይረሳል። የአውራ ጣት ያህል አድርጌ ስመለከተው ፊቱ ከአንገቱ ቀለም ከተለየ ወይም እንደ ሸክላ ካብረቀረቀ፣ የሠራሁበትን ሌየር መጠን ከ100 ወደ 60 ወይም 70 በመቶ አወርደዋለሁ። በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው ሰውየው ተመልሶ የሚመጣው።

አሁን ማስረከብ። ሥራው አልቆ የሚበላሽበት ቦታ ይህ ነው።

በጣም የተለመደው ጣጣ የቀለም ነው። ፎቶው እኔ ጋር ደማቅ ነው፣ ደንበኛው ጋር ሲደርስ ገርጥቷል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ፎቶው Adobe RGB በሚባለው ሰፊ የቀለም ክልል ተሠርቶ እንዳለ መላኩ ነው። ያንን የማያነብ ፕሮግራም ቁጥሮቹን ጠበብ ባለው የቀለም ክልል በ sRGB ይቆጥራቸዋል፣ ቀለሙም ይሞታል። ስለዚህ ስክሪን ላይ ለሚታይ ነገር ሁሉ ወደ sRGB መቀየር ያስፈልጋል። በፎቶሾፕ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ትእዛዞች አሉ። Convert to Profile ቁጥሮቹን ቀይሮ መልኩን ይጠብቃል። Assign Profile ደግሞ ቁጥሮቹን ሳይነካ ስማቸውን ብቻ ይቀይራል፤ መልኩ እዚያው ዓይናችሁ እያየ ይለወጣል። የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ነው።

ደንበኛው የሚያይበት ስልክም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ «ሁሉም ቢጫ ሆነ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፋይሎቹን ስመረምር ቆየሁ። የሰውየው ስልክ ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያሞቀው ማስተካከያ በርቶ ነበር። አሁን ፎቶ በላክሁ ቁጥር «የማታ ብርሃኑን አጥፍታችሁ እዩ» የሚል አንድ መስመር አብሬ እጽፋለሁ።

ከዚያ መላኪያው። ፎቶን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ መላክ ማለት የሠራችሁትን መልሶ ማበላሸት ነው። መተግበሪያው መጠኑን ይቀንሰዋል፣ ይጨምቀዋል። ያ ሁሉ የጠራ ጠርዝ ይደበዝዛል። የግድ በእነዚህ መላክ ካለባችሁ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንዳለ ይደርሳል። ለ48 ፎቶ ግን በኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ አንድ ፎልደር ከፍቶ ሊንኩን መስጠት ይሻላል። ፎልደሩ ውስጥ ሁለት ክፍል አደርጋለሁ፣ አንዱ ለስክሪን አንዱ ለኅትመት። ለኅትመት መጠኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሙሉ ኤ4 ገጽ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ጥራት ሲታተም 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። ለስክሪን የተቀነሰውን ፎቶ ወስዶ ያሳተመ ደንበኛ የሚወቅሰው እናንተን ነው። ስለዚህ የፋይሉ ስም ራሱ ይናገር፦

```
bag07_front_web.jpg
bag07_front_print.tif
```

ሙሉውን ፋይል የምሰጠው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ሲጀመር ግማሽ ቀብድ እቀበላለሁ። ሥራው ሲያልቅ አነስ ያለና መሃሉ ላይ ምልክት ያለበት ማሳያ እልካለሁ። ደንበኛው አይቶ አስተያየቱን ይሰጣል፣ አስተካክላለሁ፣ ቀሪው ይከፈላል፣ ምልክት የሌለው ሙሉ ፋይል ይሄዳል። አንዳንዱ ደንበኛ ይህን አለመተማመን አድርጎ ይወስደዋል። ከመጀመሪያው በጽሑፍ ከሰፈረ ግን ማንም አይከፋም፤ ክፋቱ ሥራው ካለቀ በኋላ ሲነገር ነው።

ማስተካከያውም ልክ ይኑረው። እኔ ሁለት ዙር ከዋጋው ጋር አካትታለሁ። ዙር ማለት አንድ መልእክት ሳይሆን አንድ ዝርዝር ነው። ደንበኛው ሁሉንም አይቶ በፋይል ቁጥር ጽፎ በአንዴ ይልካል። «7 ቁጥር ማሰሪያው ይቃና፣ 11 ቁጥር ጥላው ይቅለል።» ይህ ካልተባለ በየሰዓቱ አንድ አንድ መልእክት ይንጠባጠባል፣ ያ 100 ደቂቃ በአንድ ቀን ያልቃል። እኔ የሳትኩትን ማረም ዙር ውስጥ አይቆጠርም፤ ጥፋቴ ነው፣ በነፃ አርማለሁ። ደንበኛው ሐሳቡን ቀይሮ «ነጩ ይቅርና ግራጫ ባክግራውንድ ይሁን» ካለ ግን ያ አዲስ ሥራ ነው። ሁለቱን ለመለየት የመጀመሪያው የጽሑፍ ስምምነት ላይ «ፍጹም ነጭ ባክግራውንድ» የሚል አንድ ሐረግ መኖሩ ይበቃል።

ሌየሮቹን የያዘውን ፋይል ከሥራው ጋር አልሰጥም፤ ከተጠየቅሁ ዋጋው ለብቻ ነው። እኔ ጋር ለ90 ቀን ይቀመጣል፤ ይህንንም ከሊንኩ ጋር እጽፋለሁ። የቦርሳዎቹ ደንበኛ በሁለተኛው ወር ተመልሶ 7 ቁጥርን ለትልቅ ፖስተር ፈለገው። ፋይሉን ከፈትኩ፣ ማስኩ አለ፣ ጥላው አለ፤ ከሮው ፋይሉ በሙሉ መጠኑ አውጥቼ ጠርዙን አንዴ ዞርኩት። 10 ደቂቃ ነው የፈጀው፣ ያስከፈልኩትም የ10 ደቂቃ ነው።